«ሪፖርቱ ልክ አይደለም» ብላ የምትጽፍ ጀማሪ ቴስተርን ማሠልጠን

ጥያቄ፦ በቡድኔ ውስጥ አንዲት ጀማሪ ቴስተር አለች። ትጉህ ናት፣ ባግ የማግኘት ችሎታም አላት። ነገር ግን የምትመዘግባቸው ባጎች «ገጹ አይሠራም»፣ «ሪፖርቱ ልክ አይደለም» ከማለት አያልፉም፤ ዴቨሎፐሮቹም ተማረዋል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ባጉ ተስተካክሏል ሲባል መልሳ ሳትሞክረው ትዘጋዋለች። የባግ መመዝገቢያ ቅጽ አዘጋጅቼ ሰጥቻታለሁ፣ ደጋግሜም ነግሬያታለሁ፤ ለውጥ የለም። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ሁለቱን ችግሮች ለየብቻ ለማረም አይሞክሩ። የሁለቱም ሥር አንድ ነው፣ መጀመሪያ የሚታከመውም የአጻጻፉ ችግር ነው። ማስተካከያን ማረጋገጥ ማለት ባጉን ያሳዩትን እርምጃዎች በአዲሱ ቢልድ ላይ እንደገና ፈጽሞ ውጤቱ መለወጡን ማየት ነው። እርምጃዎቹ ያልተጻፉለት ባግ ተስተካክሏል ተብሎ ሲመለስ ታዲያ ምን ይሞከራል? ልጅቷ «ሪፖርቱ ልክ አይደለም» ብላ ከጻፈች ሁለት ሳምንት አልፏል እንበል። የትኛውን ቀን መርጣ እንደነበር፣ በማን ስም እንደገባች፣ ምን ጠብቃ ምን እንዳየች አታስታውስም። ገጹን ትከፍታለች፤ ቁጥሮች ይታያሉ፣ ቀይ የስህተት ጽሑፍም የለም፤ ትዘጋዋለች። ከውጭ ሲታይ ቸልተኝነት ይመስላል። እኔ ግን በእሷ ቦታ ሆኖ ከዚህ የተለየ ነገር ማድረግ የሚችል ሰው ያለ አይመስለኝም፤ መልሳ የምትሞክረው ነገር በእጇ የለምና።

ቅጹ ያልረዳትም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። ቅጽ የሚጠይቀው የምርመራን ውጤት ነው፤ እንዴት እንደሚመረመር ግን አያስተምርም። ምርመራው ያልተሠራ እንደሆነ «እርምጃዎች» የሚለው ሣጥን ውስጥ «1. ሪፖርቱን ክፈት፣ 2. ቁጥሩ ልክ እንዳልሆነ ተመልከት» ተብሎ ይሞላል። ቅጹ ሞልቷል፣ ዴቨሎፐሩ ግን እዚያው ባለበት ነው። ደብዛዛ ባግ ብዙውን ጊዜ የጽሑፍ ችሎታ ማነስ ውጤት አይደለም። ቴስተሯ እንግዳ ነገር ባየችበት ቅጽበት ላይ ቆማ ጻፈችው፤ ከዚያ በኋላ ያለው የሥራው ዋና ክፍል ገና አልተሠራም። ስለዚህ ቅጹን ለጊዜው ወደ ጎን ይተዉትና ራሷ ከመዘገበቻቸው ገና ካልተዘጉ ባጎች አንዱን መርጣችሁ አብራችሁ ተቀመጡ። ኪቦርዱ በእሷ እጅ ይሁን። እርስዎ ይጠይቁ፣ እሷ ትሞክር።

በአንድ ምሳሌ ላሳይ። ባጉ «የትእዛዝ ሪፖርቱ ልክ አይደለም» ይላል። ሪፖርቱ ተጠቃሚው መነሻና ማብቂያ ቀን ሲሰጠው በመካከሉ የተመዘገቡ ትእዛዞችን ይዘረዝራል። የመጀመሪያው ጥያቄ «እንዴት አገኘሽው?» መሆን የለበትም። «ልክ አለመሆኑን በምን ዐወቅሽ?» ብለው ይጠይቋት። ይህ ጥያቄ ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጣል፤ ምክንያቱም ስህተት ነው ለማለት ትክክለኛውን ከአንድ ቦታ አግኝታ መሆን አለበት። ምናልባት «ዋናው ገጽ በሜይ ወር 412 ትእዛዝ አለ ይላል፤ ሪፖርቱ ግን ከ2024-05-01 እስከ 2024-05-31 ብዬ ስጠይቀው 398 ብቻ አወጣ» ትላለች። ይኸው፤ ዴቨሎፐሩ የሚፈልገው ግማሹ ወጣ። በአእምሮዋ ነበረ፣ ወደ ጽሑፉ ግን አልደረሰም። «ይህን ለምን አልጻፍሽውም?» ብለው አይውቀሷት። ጥያቄውን ለራሷ መጠየቅ እንድትለምድ ብቻ ያድርጉ።

ቀጥሎ ማጥበብ ይመጣል። ሕጉ አንድ ነው፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀየራል። በሌላ ተጠቃሚ ስም ትግባ፤ አሁንም 398። በሌላ ብራውዘር ትሞክር፤ 398። ሌላ ወር ትምረጥ፤ እዚያም ይጎድላል፣ መጠኑ ግን ይለያያል። እንግዲህ ተጠቃሚውም ብራውዘሩም ምክንያት አይደሉም፤ ቀኑ ላይ የሆነ ነገር አለ ማለት ነው። እዚህ ላይ ጀማሪ ሰው መቆም ይፈልጋል። አያቁሟት። 412 ትእዛዝ በዓይን የሚቆጠር አይደለም፤ ስለዚህ የሚቆጠር ያህል እስኪሆን የቀኑን ክልል ታሳጥረው። ከ30 እስከ 31 ስትል የ30ኛው ቀን ትእዛዞች ብቻ ይመጣሉ። ከ31 እስከ 31 ስትል ሪፖርቱ ባዶ ነው። ወደ ትእዛዞች ዝርዝር ሄዳ የ31ኛውን ቀን ስትቆጥር 14 ታገኛለች፤ 398 እና 14 ሲደመሩ 412። የጠፉት ትእዛዞች በሙሉ የማብቂያው ቀን ትእዛዞች ናቸው።

በዚህ ቅጽበት የልጅቷን ፊት መመልከት ደስ ይላል። «ልክ አይደለም» ይባል የነበረው ነገር አሁን ስም አግኝቷል። እርስዎ ግን አንድ ጥያቄ ይጨምሩ፦ «ይህንን የሜይ ወር መረጃ በሌለው ሰርቨር ላይ ለማሳየት ምን ታደርጊያለሽ?» የፍተሻ ሰርቨር መረጃ በየጊዜው ይደመሰሳል፣ ዴቨሎፐሩም በራሱ ኮምፒውተር ላይ ያለው መረጃ ሌላ ነው። በ412 እና በ398 ላይ የቆመ ባግ መረጃው በተቀየረ ማግሥት የሚፈርስ ነው። ትንሽ ካሰበች መልሱን ራሷ ታገኘዋለች፦ ዛሬ አንድ ትእዛዝ መመዝገብ፣ ከዚያ ከዛሬ እስከ ዛሬ ያለውን ሪፖርት መጠየቅ። አንድ መምጣት ሲገባው ዜሮ ይመጣል። የሚያስፈልገውን መረጃ ራሱ የሚፈጥር እርምጃ በየትኛውም ሰርቨር፣ በየትኛውም ቀን ሊደገም ይችላል። በኋላ ማስተካከያው ሲመጣም ለማረጋገጥ የሚፈጀው ከሁለትና ከሦስት ደቂቃ አይበልጥም።

አሁን ትጻፈው። ከሞላ ጎደል እንዲህ ይሆናል፦

> ርዕስ፦ የትእዛዝ ሪፖርት በማብቂያው ቀን የተመዘገቡ ትእዛዞችን አያካትትም
>
> ቢልድ 2.8.1፣ የፍተሻ ሰርቨር
>
> እርምጃዎች፦ አንድ አዲስ ትእዛዝ መመዝገብ። የትእዛዝ ሪፖርትን መክፈት። በመነሻም በማብቂያም የዛሬን ቀን መምረጥ። «አሳይ» የሚለውን መጫን።
>
> የታየው፦ ዝርዝሩ ባዶ ነው።
>
> የሚጠበቀው፦ የተመዘገበው ትእዛዝ መታየት አለበት፤ በትእዛዞች ዝርዝርና በዋናው ገጽ ድምር ውስጥ ይታያል።
>
> ተጨማሪ፦ በሌሎች ወራትም፣ በሌላ ተጠቃሚና በሌላ ብራውዘርም ያው ነው። ሪፖርቱን ወደ ፋይል ማውጣት አልተሞከረም።

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር በተለይ ያስተምሯት። ጀማሪዎች ያልሞከሩትን መጻፍ ድክመትን መግለጥ ይመስላቸዋል። ለዴቨሎፐሩ ግን የታወቀው የት ላይ እንደሚያበቃ ታሳየዋለች፤ ለራሷም ማስተካከያው ሲመለስ የት መመልከት እንዳለባት የምታስታውስበት ምልክት ናት። ርዕሱ ላይም ትንሽ ይቆዩ። ምን እንደሚሆንና በምን ሁኔታ እንደሚሆን የሚናገር ርዕስ ከመቶ ባጎች መካከል ሳይከፈት ይለያል፤ አንድን ባግ ሁለት ጊዜ ከመመዝገብም ያድናል። «ሪፖርቱ ልክ አይደለም» የሚል ርዕስ ያለው ባግ ግን ነገ ስለ ሪፖርት ከሚመዘገቡት ባጎች ሁሉ ጋር ይመሳሰላል።

እርስዎ ጽሑፏን አያርሙላት። ብዙ አሠልጣኞች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው፤ ባጉን ወስደው ራሳቸው አሳምረው ይጽፉታል፣ እሷም የሚያሳምርላት ሰው እንዳለ ትማራለች። ከዚህ ይልቅ ጽሑፉን ስለ ባጉ ምንም ለማያውቅ ሌላ ቴስተር ይስጡትና አንድም ጥያቄ ሳይጠይቅ ባጉን እንዲያሳይ ያድርጉ። እሷ አጠገቡ ትቀመጥ፣ ግን አትናገር። እጁ የቆመበት ቦታ ሁሉ ከጽሑፉ የጎደለ ነገር ያለበት ነው። ይህን በሳምንት በአንድ ባግ ላይ ብቻ ማድረግ ይበቃል፤ ከየትኛውም ምክር በላይ ያስተምራል።

ወደ ማረጋገጡ ልመለስ። ዴቨሎፐሩ ምክንያቱን አግኝቷል፦

```sql
-- ቀድሞ የነበረው
WHERE created_at BETWEEN '2024-05-01' AND '2024-05-31'

-- የተስተካከለው
WHERE created_at >= '2024-05-01' AND created_at < '2024-06-01'
```

`created_at` ቀንን ብቻ ሳይሆን ሰዓትንም የሚይዝ ከሆነ `'2024-05-31'` የሚነበበው 00:00:00 ሰዓት ተብሎ ነው። ስለዚህ በዚያ ቀን ከእኩለ ሌሊት በኋላ የተመዘገበው ሁሉ ከክልሉ ውጭ ይወድቃል። ልጅቷ ይህን ኮድ ማንበብ የግድ የለባትም፤ ዴቨሎፐሩ ምን እንደነካ በአንድ ዓረፍተ ነገር እንዲጽፍ ግን ይጠይቁት። «የሪፖርቱን ገጽ የቀን ማጣሪያ ቀይሬያለሁ፣ በቢልድ 2.8.2 ይገኛል» ቢል ይበቃል። ይህ ግዴታ የእሱ ነው፤ ቴስተሯ ላይ ብቻ ጫና ማብዛት ፍትሕ አይሆንም።

ባጉ «ተስተካክሏል» የሚል ምልክት ይዞ ሲመጣ የመጀመሪያው ሥራ ቢልዱን ማየት ነው። ዴቨሎፐሮች ይህን ምልክት ብዙ ጊዜ የሚሰጡት ኮዱን ሲጨርሱ ነው፤ የፍተሻ ሰርቨሩ ግን ገና 2.8.1 ላይ ሊሆን ይችላል። ይህን ሳታይ የሞከረች ቴስተር አልተስተካከለም ብላ ትመልሳለች፣ ከዴቨሎፐሩም ጋር ያለ ምክንያት ትጋጫለች። ሁለተኛው፣ የተጻፉትን እርምጃዎች እንደ ተጻፉ መፈጸም ነው፦ ዛሬ አንድ ትእዛዝ፣ ከዛሬ እስከ ዛሬ ሪፖርት፣ አንድ ይታያል። ባጉ በዚያ መንገድ ጠፍቷል።

ሦስተኛው ጎረቤቱን ማየት ነው፤ ጀማሪን ከበሰለ ቴስተር የሚለየው እዚህ ነው። የማብቂያ ቀኑ ክልል ከሰፋ ከልክ በላይ ሰፍቶ እንደሆነስ? ዴቨሎፐሩ ቀኑን በአንድ ጨምሮ ከ`<` ይልቅ `<=` ትቶ ቢሆን ልክ በእኩለ ሌሊት የተመዘገበ የማግሥቱ ትእዛዝ ይገባ ነበር። በእጅ መፍጠር ካስቸገረ እንዲህ ያለ መረጃ እንዲያዘጋጅላት ዴቨሎፐሩን ትጠይቅ። ያልተሞከረ ብላ የጻፈችውስ? ሪፖርቱን ወደ ፋይል ስታወጣው ፋይሉ ባዶ ሆኖ ይወጣል። ፋይሉን የሚያዘጋጀው ኮድ ሌላ ነበር፣ እሱን ማንም አልነካውም። ሳይሞክሩ ቢዘጋ ኖሮ ተጠቃሚው በገጹ ላይ አንድ ቁጥር፣ በፋይሉ ላይ ሌላ ቁጥር ያይ ነበር። ይህ ደግሞ ከመጀመሪያው ባግ ይከፋል፤ ቀድሞ ሁለቱም እኩል ይሳሳቱ ነበር፣ አሁን ግን የትኛውን ማመን እንዳለበት አያውቅም።

አሁን ምን ታድርግ? ባጉን ትመልሰው ወይስ አዲስ ትመዝግብ? እኔ የምከተለው ደንብ ይህ ነው፦ የተጻፉት እርምጃዎች አሁንም ያንኑ ስህተት ካሳዩ ያው ባግ እንደገና ይከፈታል። የተጻፉት እርምጃዎች ካለፉና ስህተቱ በሌላ መንገድ ከታየ አዲስ ባግ ተመዝግቦ ከመጀመሪያው ጋር ይያያዛል። በእኛ ምሳሌ የገጹ ባግ ይዘጋል፣ ስለ ፋይሉ አዲስ ይጻፋል። አለዚያ አንዱ ባግ አምስት ጊዜ እየተከፈተ ምን ተስተካክሎ ምን እንደቀረ ማንም የማያውቀው ይሆናል። ስትዘጋውም ማስታወሻ ትጻፍ፦ «በቢልድ 2.8.2 በፍተሻ ሰርቨር ሞክሬዋለሁ። የአንድ ቀን ክልልና የወር መጨረሻ ትክክል ናቸው። ወደ ፋይል ሲወጣ ባዶ ነው፤ በሌላ ባግ ተመዝግቧል።» ለቡድንዎ አንድ ደንብ ብቻ ማውጣት ቢኖርብዎ ይህን ያውጡ፦ ቢልዱንና የተሞከረውን የሚናገር ማስታወሻ የሌለው ባግ አይዘጋም። ደንቡ ለሁሉም ይሁን፣ ለእርስዎም ጭምር። በእሷ ላይ ብቻ ከሆነ ቅጣት ይመስላል።

አንዳንዴ ብቻ የሚታይ ባግ ግን በዚህ መንገድ አይረጋገጥም፤ ጀማሪዎች ሳያውቁት የሚታለሉበትም እሱ ነው። እንዲህ ያለውን ባግ ስትመዘግብ ስንት ጊዜ ሞክራ ስንት ጊዜ እንደታየ ትጻፍ። ከ10 ሙከራ 1 ጊዜ የሚታይ ባግ፣ ጨርሶ ባይስተካከል እንኳ፣ 10 ጊዜ በተከታታይ ሳይታይ የሚያልፍበት ዕድል 35 በመቶ ያህል ነው። 10 ጊዜ ሞክሬ አልታየም ማለት ስለዚህ ብዙም አይናገርም። ወደ 30 ጊዜ ሲደርስ ዕድሉ ወደ 4 በመቶ ይወርዳል። በእጅ 30 ጊዜ መሞከር አድካሚ ከሆነ ዴቨሎፐሩ ምክንያቱን ያገኘው በምን እንደሆነ ጠይቃ ያንን ሁኔታ ሆን ብላ መፍጠር ይሻላታል።

አንድ ነገር ደግሞ ከእሷ ጋር በግልጽ ይነጋገሩ። አንዳንድ ጀማሪዎች ሳይሞክሩ የሚዘጉት ዴቨሎፐሩን ስለሚያከብሩት ነው። በዕድሜም በልምድም የሚበልጣቸው ሰው አስተካክያለሁ ካለ መልሶ መሞከር ቃሉን መጠራጠር ይመስላቸዋል፤ አልተስተካከለም ብሎ መመለስማ ድፍረት ነው። ይህን ጠይቀው ካላወጡት ራሷ አትነግርዎትም። እንዲህ ከሆነ የሚያስፈልጋት የምትናገርበት ቃል ነው። «አልተስተካከለም» ብላ ብቻ ከመመለስ «በ2.8.2 ላይ እነዚህን እርምጃዎች ፈጸምኩ፣ ይህን አየሁ፤ ቢልዱ ትክክለኛው ነው ወይ?» ብላ ትጻፍ። ክርክሩ ከሰው ወደ እርምጃው ይሸጋገራል፣ ዴቨሎፐሩም የሚመልሰው ነገር ያገኛል። ከተቻለ አንድ ሁለት ጊዜ ዴቨሎፐሩ ባጓን ይዞ ሲሠራ አጠገቡ እንድትቀመጥ ያድርጉ። ከጽሑፏ የትኛውን ቃል እንደሚፈልግና የትኛውን እንደሚዘልል በዓይኗ ታያለች።

የራስዎንም አሠራር ይመርምሩ። በሳምንት ስንት ባግ መዘገበች ብለው የሚቆጥሩ ከሆነ አሁን የምታደርገው ነገር እርስዎ የጠየቋትን ነው፤ ግማሽ ሰዓት የፈጀ ማጥበብም፣ ተረጋግጦ የተዘጋ ባግም በዚያ ቆጠራ ውስጥ አይታዩም። ለማረጋገጥ የተመደበ ጊዜ አላት ወይ? የተስተካከሉ ባጎች በሙሉ ሶፍትዌሩ ለተጠቃሚ ከመውጣቱ በፊት ባለው ቀን ከሰዓት በኋላ የሚከማቹ ከሆነ ልምድ ያለው ቴስተርም አይቶ እንዳላየ ይዘጋቸዋል። ጠዋት አዲስ ፍተሻ ሳትጀምር በፊት ትናንት ተስተካክሏል የተባሉትን ትጨርስ። ያልተስተካከለ ካለ ዴቨሎፐሩ ወደ ሌላ ሥራ ሳይሻገር ይደርሰዋል።

ለውጡን በሁለት ነገር ይከታተሉት፦ «ተጨማሪ መረጃ ስጪኝ» ተብለው የሚመለሱላት ባጎች ብዛት፣ እና ተዘግተው ከቆዩ በኋላ እንደገና የሚከፈቱት። ሁለቱም መቀነስ አለባቸው። ለደረጃ መስጫ ግን አያድርጓቸው፤ ያን ጊዜ አስቸጋሪ ባጎችን ጭራሽ መመዝገብ ትተዋለች። ከቁጥሩ በፊት የሚያዩት ሌላ ምልክትም አለ፦ ማንም ሳይጠይቃት «ይህን አልሞከርኩም» የሚል መስመር በባጎቿ ውስጥ መታየት ይጀምራል።

አብረው ተቀምጠው ሳለ በደንብ እያጠበበች ብቻዋን ስትሆን ወደ ቀድሞው ከተመለሰችስ? ያ ከሆነ ችሎታው አላት ማለት ነው፤ የጎደለው ጊዜ ወይም ፈቃድ ነው። ሌላ ሥልጠና አይጨምሩ። የአንድ ሳምንት ሥራዋን ከፊታችሁ ዘርግታችሁ እያንዳንዱ ባግ ስንት ጊዜ እንደወሰደባትና የት ላይ እንዳቋረጠችው አንድ በአንድ ተመልከቱ። መልሱ እርስዎ የሰጧት የሥራ ብዛት ሆኖ ከተገኘ ሥራውን ይቀንሱላት፤ ሌላ ከሆነም ይህ ሥራ የግድ እንደሆነ ሳያድበሰብሱ ይንገሯት።